እንግዳው ስንት ሰው ይዞ መጣ?

እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2018 ሌሊት፣ ታይለር ብሌቪንስ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት እንደ ልማዱ ፎርትናይት የተሰኘውን የኮምፒውተር ጨዋታ እየተጫወተ ትዊች በተባለው መድረክ ላይ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። ተመልካቾቹ የሚያውቁት «ኒንጃ» በሚለው ስሙ ነው። የዚያን ሌሊት አብሮት የተጫወተው ግን ዝነኛው ሙዚቀኛ ድሬክ ነበር። ራፐሩ ትራቪስ ስኮትና የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ጁጁ ስሚዝ-ሹስተርም ተቀላቀሏቸው። ስርጭቱን በአንድ ጊዜ የሚከታተለው ሰው ቁጥር ከ600,000 በላይ ደረሰ። ከዚያ በፊት በአንድ ግለሰብ የትዊች ቻናል ላይ የተመዘገበው ትልቁ ቁጥር 388,000 ገደማ ነበር።

በማግስቱ የወጡት ዜናዎች በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ አንድ ነገር ነበር የሚያወሩት፦ ድሬክ ሕዝቡን ይዞ መጣ። እውነት አለው። ድሬክ ባይኖር ያ ሌሊት እንደዚያ እንደማይሆን ማንም አይጠራጠርም። «ስንቱን ሰው ነው ያመጣው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ቀላል አይደለም። ከመጡትስ ስንቶቹ ቀድሞውንም የኒንጃ ተመልካቾች ነበሩ? ስንቶቹስ ድሬክ በሌለበት በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው መጡ?

በዚያ ሰሞን ከድሬክ ሌላ ብዙ ነገር እየሆነ ነበር። ፎርትናይት ራሱ በፍጥነት እየገነነ የመጣ ጨዋታ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ በአይፎን ላይ መሞከር ሊጀመር ነው ተብሎ ወሬው ደርቶ ነበር። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ትዊች የአማዞን ፕራይም ደንበኞች ለሆኑ ሰዎች የፎርትናይት ስጦታ ማደል ጀምሯል። እነዚህ ደንበኞች በየወሩ አንድ ቻናል በነጻ ሰብስክራይብ የማድረግ መብትም አላቸው። ስጦታውን ብለው የመጡ ሰዎች ነጻ ሰብስክሪፕሽናቸውን የሚሰጡት የጨዋታው ቁንጮ ለሆነው ሰው ቢሆን አይገርምም። ስለዚህ የኒንጃን የፌብሩዋሪ ቁጥር ከማርች ቁጥሩ ጋር ብቻ አስተያይቶ ልዩነቱን በሙሉ ለድሬክ መስጠት ስሕተት ነው። ልዩነቱ ውስጥ ጨዋታው አለ፣ አማዞን አለ፣ አይፎን አለ፣ ድሬክም አለ።

መምጣትና መቅረት ምን ያህል እንደሚራራቁም ከዚያው ሰው ታሪክ ይታያል። በዚያው ዓመት በጁን ወር ኒንጃ ኢ3 በተባለው የጨዋታ አውደ ርእይ ላይ ለመገኘት ለሁለት ቀናት ስርጭቱን ሲያቋርጥ 40,000 ሰብስክራይበሮችን እንዳጣ ራሱ ተናግሯል። በፕራይም የሚገኘው ነጻ ሰብስክሪፕሽን በየወሩ በእጅ ካልታደሰ ይቋረጣል፤ ሰውየው በስርጭት ላይ ካልታየ ደግሞ የሚያድሰው ይቀንሳል።

ይህ ጥያቄ የአሜሪካ ባለ ዝናዎች ብቻ አይደለም። በአማርኛ ዩቲዩብ ላይ በእንግዳ የሚቆም የቃለ መጠይቅ ቻናል ብዙ ነው። አንዱ ቻናል ተዋናይ ይጋብዛል፣ ሌላው ዘፋኝ፣ ሌላው የራሱ ቻናል ያለውን ባልደረባውን። ቪዲዮው ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ ሲታይ አዘጋጁ «እንግዳው አሳደገኝ» ይላል፤ ሃያ ሺህ ላይ ሲቆም «እንግዳው አልሠራም» ይላል። ሁለቱም ፍርድ የተሰጠው ጥያቄውን በማይመልስ ቁጥር ላይ ነው። ቪው የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንደታየ ነው፤ ማን እንደመጣና ከየት እንደመጣ አይናገርም። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢከፍተው ሦስት ነው።

የሚረዳው ቁጥር ያለው በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ፣ «Audience» በሚለው ገጽ ላይ ነው። እዚያ ዩቲዩብ ተመልካቾችን በግምት በሰው ደረጃ ይቆጥራቸዋል፤ አዲስ የመጡትንም ከዚህ በፊት ቻናሉን ካዩት ይለያል። የቀድሞዎቹን ደግሞ ለሁለት ይከፍላል፦ ባለፈው ዓመት ውስጥ ከስድስት ባነሱ ወራት ብቅ ያሉት አልፎ አልፎ የሚመጡ ናቸው፤ ከዚያ በላይ የመጡት ቋሚዎች ይባላሉ። ከዚህ ክፍፍል አንድ ነገር ይከተላል። በእንግዳው ምክንያት ዛሬ የመጣ ሰው የቱንም ያህል ቻናሉን ቢወደው ከቋሚዎቹ ተርታ ለመግባት ወራት ይፈጅበታል። በሁለተኛው ሳምንት የቋሚዎችን መስመር ከፍቶ «አልጨመረም» ማለት ጊዜው ሳይደርስ መፍረድ ነው።

«አዲስ» የሚለው ቃልም በዩቲዩብ ዘንድ የራሱ ትርጉም አለው። በግል መስኮት የሚያይ ሰው፣ የተመለከታቸውን ቪዲዮዎች ታሪክ ያጠፋ ሰው፣ ወይም ከአንድ ዓመት በላይ ቻናሉን ሳይጎበኝ የቆየ ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ይቆጠራል። በተቃራኒው መላው ቤተሰብ ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ላይ በአንድ አካውንት ሲያይ፣ እንግዳውን ብላ የመጣችው እህት በወንድሟ አካውንት ውስጥ ተሸፍና ትቀራለች። ቁጥሩ ግምት ነው። ጥቅም የሚሰጠውም በዚያው መንገድ ከተገመተ ሌላ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ነው።

እንግዳው ከመጋበዙ በፊት ደግሞ መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ሁለቱ ሰዎች አሁን ምን ያህል የጋራ ተመልካች አላቸው የሚለው። ዩቲዩብ ለአዘጋጁ ተመልካቾቹ ሌላ የትኞቹን ቻናሎች እንደሚያዩ ይዘረዝርለታል፤ ምን ያህሉ እንደሚያዩ ግን በቁጥር አይነግረውም። ከውጭ ሆኖ ለመገመት የሚያገለግለው አንዱ መንገድ የኮመንት ሰጪዎች ቆጠራ ነው። በሁለቱም ቻናሎች የቅርብ ጊዜ ቪዲዮዎች ሥር ኮመንት የጻፉትን አካውንቶች ሰብስቦ፣ በሁለቱም ቦታ የሚገኙትን መቁጠር ነው። የማንም ስም አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ድምሩ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው። የአዘጋጁ ኮመንት ሰጪዎች 4,000፣ ሊጋበዝ የታሰበው ሰው 5,000 ናቸው እንበል። በሁለቱም ዘንድ የተገኙት 300 ናቸው። ከአዘጋጁ ወገን ከመቶ 7.5 ማለት ነው። አዘጋጁ ሌላ ሰው ደግሞ በሐሳቡ አለ፤ 20,000 ኮመንት ሰጪ ያለው ትልቅ የመዝናኛ ቻናል ባለቤት። ከእሱ ጋር ያለው የጋራ ቁጥር 600 ነው፤ ከመቶ 15። ሲታይ ትልቁ ቻናል ለአዘጋጁ የበለጠ የቀረበ ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ1960ዎቹ በብሪታንያ ጄራልድ ጉድሃርትና አንድሩ ኤረንበርግ የቴሌቪዥን ተመልካቾችን ሲያጠኑ ያገኙት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንድን ፕሮግራም ከሚያዩት ሰዎች ውስጥ ሌላውንም የሚያዩት ድርሻ በዋናነት የሚወሰነው ሌላው ፕሮግራም በጠቅላላው ምን ያህል ተመልካች ስላለው ነው፤ የሁለቱ ይዘት መመሳሰል ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው ያነሰ ድርሻ አለው። ትልቅ ነገር ከሁሉም ጋር ይደራረባል። ስለዚህ የጋራውን ቁጥር በሌላው ቻናል መጠን ማካፈል ያስፈልጋል። 300ው ከ5,000 ከመቶ 6 ነው፤ 600ው ከ20,000 ከመቶ 3 ብቻ ነው። መጠኑ ሲታሰብ ትንሹ እንግዳ ለአዘጋጁ ተመልካቾች በእጥፍ የቀረበ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ የቀረበ ይሻላል ወይስ የራቀ? አዲስ ሰው የሚፈልግ አዘጋጅ የራቀውን ሊመርጥ ይችላል፤ ከዚያ ወገን ገና ያልመጣው ብዙ ስለሆነ። በጣም የራቀው ግን የመቅረት ዕድሉ ያነሰ ነው። የኮመንት ቆጠራው ሙሉ ምስል እንዳልሆነም መታሰብ አለበት። ኮመንት የሚጽፈው ከተመልካቹ ጥቂቱ ነው፤ እሱም ቋሚውና ስሜቱ የጋለው ነው፤ በየቪዲዮው ሥር ማስታወቂያ የሚለጥፉ አካውንቶች ደግሞ የጋራውን ቁጥር ያለ አግባብ ያሳድጉታል። እነዚህን ሳያወጡ የተሠራ ቆጠራ ሁሉም ቻናሎች የሚቀራረቡ ያስመስላል።

አሁን እንግዳው መጥቶ ቪዲዮው ተጫነ እንበል። ይኸው አዘጋጅ በተለመደው ጊዜ አንድ ቪዲዮው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት 30,000 ተመልካች ያገኛል፤ ከነዚህ 9,000 ያህሉ አዲስ፣ 21,000ው የቀድሞ ናቸው። ይህን ያገኘው ባለፉት አሥር እንግዳ የሌለባቸው ቪዲዮዎች መካከለኛውን በመውሰድ ነው። የአዲሶቹ ቁጥር ከቪዲዮ ቪዲዮ ከ7,000 እስከ 12,000 ይዋዥቃል። የእንግዳው ቪዲዮ በ28 ቀናት 80,000 ሰው አየው፤ 44,000 አዲስ፣ 36,000 የቀድሞ።

«እንግዳው 44,000 አዲስ ሰው አመጣልኝ» ማለት አይቻልም። እንግዳው ባይኖርም 9,000 ያህሉ ይመጡ ነበር። በዚያ ላይ ወሩ ምን ዓይነት ወር እንደነበር መታየት አለበት። አዘጋጁ ከእንግዳው በፊት በነበረው ሳምንት የጫነውን ቪዲዮና በተመሳሳይ ይዘት የሚሠሩ የባልደረቦቹን ቻናሎች ሲመለከት፣ እንግዳ ሳይኖር ሁሉም በአንድ አምስተኛ ያህል ከፍ ብለው አገኛቸው። ስለዚህ የተለመደው 9,000 በዚያ ወር ወደ 11,000 ሊጠጋ ይችል ነበር። ልዩነቱ 33,000 ይሆናል። የተለመደው ቁጥር ራሱ የሚዋዥቅ በመሆኑ ትክክለኛው አነጋገር ከ30,000 እስከ 36,000 የሚለው ነው። አንድ ነጠላ ቁጥር ይዞ የሚከራከር ሰው ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው።

የወሩ ሁኔታ በኢትዮጵያ ትንሽ ነገር አይደለም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር ውስጥ ተገድበው ነበር። ብዙ ሰው በቪፒኤን ይገባ ስለነበር አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያየው ተመልካች በስታቲስቲክሱ ላይ በሌላ አገር ይታያል። ገደቡ በተነሣበት ሰሞን እንግዳ የጋበዘ ሰው ቁጥሩ ሲያሻቅብ ቢያይ፣ ከዚያ ውስጥ የእንግዳውን ድርሻ መለየት የሚችለው እንግዳ ያልጋበዙትን ቻናሎች አይቶ ብቻ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባም ብዙ ቤተሰብ ከዘፈን ወደ መዝሙር ይዞራል፤ በጾም ወራት ከመጣ ዘማሪ ጋር የተደረገ ቆይታን ከመስከረም ወር ቪዲዮ ጋር ማወዳደር እንግዳውንና ወቅቱን መቀላቀል ነው።

ወደ ምሳሌው እንመለስ፤ ብዙ አዘጋጆች የሚያልፉት ቁጥር እዚያ አለ። የቀድሞ ተመልካቾች ከ21,000 ወደ 36,000 አድገዋል። አዲስ ያልሆኑ፣ ግን ዘወትር የማይመጡ 15,000 ያህል ሰዎች ለዚህ ቪዲዮ ብቅ ብለዋል። ከፊሉ የወቅቱ ነው። የሚበዛው ግን አዘጋጁን ከዚህ በፊት የሚያውቅና እንግዳውን የሚወድ ሰው ሳይሆን አይቀርም። የጋራ ተመልካች ማለት ይኸው ነው፤ ከስቱዲዮው ገጽ በግልጽ ባይጻፍም በዚህ መስመር ላይ ራሱን ያሳያል። ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል። አዲሱ ብቻ ከፍ ካለ እንግዳው ከሌላ ሰፈር ሰው ይዞ መጥቷል። አዲሱ ባለበት ሆኖ የቀድሞው ብቻ ከፍ ካለ እንግዳው የአዘጋጁን የራሱን ሰዎች ቀስቅሷል። ያ ኪሳራ አይደለም፤ ተዘንግቶ የነበረ ቻናል እንደገና ትዝ ሲል ዋጋ አለው። «አዲስ ሰው አገኘሁ» ማለት ግን አይደለም።

ከየት እንደመጡ የሚያሳየው ሌላው ማስረጃ «Traffic source» የሚለው ገጽ ነው። እዚያ «Suggested videos» የሚለው ሲከፈት፣ ተመልካቹ የትኛውን ሌላ ቪዲዮ እያየ ሳለ ወደዚህኛው እንደተሻገረ በስም ተዘርዝሮ ይታያል። ዝርዝሩ ላይ የእንግዳው ቻናል ቪዲዮዎች ከተደረደሩ፣ ሰዎቹ ከእሱ ዘንድ ስለመምጣታቸው ከዚህ የቀረበ ምስክር አይገኝም። ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ከወትሮው ከፍ ካለ እንግዳው በራሱ ገጽ ሊንኩን ያጋራ እንደሆነ ሰዓቱን ማመሳከር ነው። ካጋራበት ሰዓት በኋላ የሚታይ ድንገተኛ ጭማሪ የእሱ ነው። መኖሪያው ዋሽንግተን አካባቢ የሆነ እንግዳ ከመጣ ደግሞ የአሜሪካ ተመልካች ድርሻ ከፍ ሊል ይገባል፤ ካላለ ጭማሪው ከሌላ ቦታ መጥቷል ማለት ነው። ከዩቲዩብ የመጀመሪያ ገጽ የመጣውን ሰው ግን ማን እንደላከው መለየት አይቻልም፤ በብዙ ቻናሎች ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

እንግዳውን ከርእሰ ጉዳዩ መለየትም ያስቸግራል። ስለ ፍቺው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረ ተዋናይ ብዙ ሰው ቢስብ፣ የሳበው ተዋናዩ ነው ወይስ ፍቺው? አንዱ መፈተኛ ያው ሰው በሌሎች ቻናሎች ላይ ስለ ሥራው ብቻ ሲጠየቅ ምን ያህል እንደታየ ማየት ነው። ከቃለ መጠይቁ ተቆርጠው በሾርትስ የተለቀቁትንም ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል። ሾርትስ በጣት እየተገፋ የሚታይ በመሆኑ አዲስ ተመልካች በብዛት ያስመዘግባል፤ ከረጅሙ ቪዲዮ ጋር ተደምሮ ሲቀርብ እንግዳው ካመጣው በላይ ያመጣ ያስመስለዋል።

የመጨረሻው መለኪያ እንግዳው ከሄደ በኋላ ያለው ነው። አዘጋጁ በቀጣዮቹ ሁለት ወራት እንግዳ የሌለባቸውን ቪዲዮዎች ብቻ ወስዶ የቀድሞ ተመልካቾችን ቁጥር ያያል። የወቅቱ ሞቅታ በርዶ የባልደረቦቹ ቻናሎች ወደ ቦታቸው ሲመለሱ፣ የእሱ በየቪዲዮው ከ21,000 ወደ 23,500 ከፍ ብሎ ቆየ። ጭማሪው 2,500 ነው። እንግዳው አመጣቸው ከተባሉት 33,000 ሰዎች ጋር ሲተያይ ከመቶ 8 ገደማ ማለት ነው። የመጣ ሰው ሁሉ እያንዳንዱን ቪዲዮ ስለማያይ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ደግሞም ከ2,500ው ውስጥ እንግዳው ከቀሰቀሳቸው የቀድሞ ሰዎች የቀሩ ይኖሩበታል፤ ዩቲዩብ አንድን ሰው ተከትሎ «ይህ በዚያ ቪዲዮ የመጣው ነው» ብሎ ስለማያሳይ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ቢሆንም ሁለት እንግዶችን በአንድ ዓይነት ስሌት ለማወዳደር ይህ ቁጥር በቂ ነው። 33,000 አምጥቶ 2,500 ካስቀረው ይልቅ 10,000 አምጥቶ 3,000 ያስቀረው እንግዳ ለቻናሉ የበለጠ ሠርቷል፤ በቪው ሲታይ ግን ሁለተኛው እንደ ደካማ ቪዲዮ ይቆጠራል።

የሰብስክራይበር ቁጥርን ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙ አሉ። ስቱዲዮው ከአንድ ቪዲዮ ስንት ሰብስክራይበር እንደተገኘ ያሳያል፤ ለማንበብም ቀላል ነው። ሆኖም ደወሏን ተጭኖ ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቪዲዮ የማይከፍት ሰው ብዙ ነው፤ ሰብስክራይብ ሳያደርግ በየሳምንቱ የሚያይም እንዲሁ።

ስሌቱ በእንግዳው በኩልም አለ፤ እሱ የሚሠራው በራሱ ስቱዲዮ ነው። የቪዲዮው እይታ የሚመዘገበው በጫነው ቻናል ላይ በመሆኑ፣ እንግዳው ያገኘው ጥቅም በራሱ ቻናል ላይ በዚያው ሳምንት በመጡ አዲስ ተመልካቾች ብቻ ይገለጣል። ሁለቱ አስቀድመው ተስማምተው ከቀረጻው በፊት ያለውን የአራት ሳምንት ቁጥርና ከዚያ በኋላ ያለውን የስምንት ሳምንት ቁጥር ቢለዋወጡ፣ የጋራ ተመልካቻቸው የጨመረው ከየትኛው ወገን ወደ የትኛው በመሻገር እንደሆነ ያውቃሉ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ለትንሹ ይሰጣል ተብሎ ይታሰባል፤ ትንሹ ቻናል ግን ታማኝ ተመልካች ካለው ከሚወስደው የበለጠ ሊሰጥ ይችላል።

ያው እንግዳ በስድስት ወሩ ሲመለስ ደግሞ የአዲሶቹ ቁጥር ከመጀመሪያው ያንሳል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ከእሱ ወገን ሊመጣ የሚችለው ሰው ከፊሉ መጥቷልና አሁን የሚቆጠረው ከቀድሞዎቹ ጋር ነው። በዚህኛው ዙር የሚታየው የቀድሞዎቹ መስመር ነው። ያ መስመር ከመጀመሪያው ጉብኝት 36,000 በላይ ከወጣ፣ ባለፈው የመጡት ዛሬም ለሁለቱ ሲሉ እየተመለሱ ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ግን አዘጋጁ ለሚቀጥለው ቀጠሮ፣ በኮመንት ቆጠራው ላይ የጋራ ተመልካቹ ገና ጥቂት የሆነውን ሌላ ሰው መፈለግ ይኖርበታል።